የአያትን የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ማንበብ፦ እንባ ይቀድመኛል ብሎ ለሚፈራ የልጅ ልጅ

«የአያቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ መርጦኛል፤ መሐል ላይ ካለቀስኩስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ቀብሩ ደግሞ በማግስቱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአንድ ሌሊት ሊሠራ በሚችል መልኩ ተዘጋጅቷል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ዓላማው እንባን መከልከል አይደለም። አንባቢን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ እንባው ራሱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው፤ ድምፁ ሲሰበር «አሁን ምን ላድርግ?» ይላል፤ መልስ የለውም፤ ከዚያ ለቅሶው ይበረታል። መልሱ አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ፣ ማለትም የት እንደሚቆም፣ ስንት ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ ከየት እንደሚቀጥል ካወቀ፣ አልቅሶም ይጨርሳል። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ለለቅሶ ጊዜና ቦታ በጽሑፉ ውስጥ አስቀድሞ ስለ መተው ነው።

የምንናገረው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስለሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። በአዳራሽ ለሚደረግ የስንብት መርሐ ግብር የሚለየውን ወደ መጨረሻው ጠቅሰነዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በትልቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ (አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለተተኪ አንባቢ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ)
- ቀይ እስክሪብቶ
- ወረቀቱን የሚይዝ ጠንካራ ካርቶን ወይም ክላሰር፤ በክረምት ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ፕላስቲክ
- ያልቀዘቀዘ ውኃ በትንሽ ጠርሙስ፣ ክዳኑ አስቀድሞ የላላ
- መሀረብ ወይም ሶፍት፣ ከኪስ ውጭ በእጅ የሚገኝ
- ሰዓት ለመያዝና ድምፅ ለመቅዳት ስልክ (ለልምምድ ብቻ)
- ተተኪ የሚሆን አንድ ሰው

1. ሰዓቱንና ቦታውን አረጋግጡ

የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመሄዱ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ከደብር ደብር ይለያያል፤ ስብከት ሊቀድም ይችላል፤ የጉንጉን አበባ ማኖርም በመካከል ሊገባ ይችላል። የአያታችሁን ንስሐ አባት ወይም የደብሩን ኃላፊ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማነበው ከምን በኋላ ነው? ስንት ደቂቃ ይሰጠኛል? ድምፅ ማጉያ አለ ወይስ እድሩ ያመጣል?

ይህ ጥያቄ የሚጠቅመው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። ተራው ድንገት የመጣበት አንባቢ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ድምፁ ከቀጠነ ደግሞ ወደ ታች መመለስ ይከብዳል። ከእናንተ በፊት ምን እንደሚመጣ ካወቃችሁ ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ ትዘጋጃላችሁ።

2. ጽሑፉን የማይከብደውን አስቀድማችሁ ጻፉ

የተለመደው የሕይወት ታሪክ አቀራረብ ለሚያለቅስ አንባቢ የተመቸ ነው፤ አትለውጡት። የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ ጋብቻ፣ ሥራና ማኅበራዊ ሕይወት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ሕመምና ዕረፍት፣ በመጨረሻም ጸሎት። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ደረቅ መረጃ በመሆናቸው ድምፅ መስመሩን እስኪይዝ ጊዜ ይሰጣሉ። «የምወዳት አያቴ» ብሎ መጀመር ግን በጣም ከባዱን ቃል ያልተዘጋጀ ጉሮሮ ላይ ማኖር ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ለቅሶ የሚነሣባቸውን ቦታዎች እወቁ። አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ የምትጠሯቸው ስም ነው። «እማማ»፣ «እምዬ»፣ «እታባ»፣ ምንም ይሁን ምን፣ ይህ ቃል ሲወጣ የሚሰማችሁ የእሳቸው መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ፤ በሌላው ቦታ ሁሉ «ወይዘሮ እገሊት» እያላችሁ በአክብሮት አንብቡ። ቤት ውስጥ «አንቺ» ስትሏቸው ኖራችሁም ቢሆን «ተወለዱ»፣ «አሳደጉ»፣ «አረፉ» ማለት ለሕዝቡ ሥርዓት፣ ለእናንተ ደግሞ የሚያስተነፍስ ርቀት ነው።

ሁለተኛው የእሳቸው የራሳቸው አነጋገር ነው። ምርቃታቸውን ወይም የተለመደ ንግግራቸውን ቃል በቃል ከጠቀሳችሁ ሳታስቡት ድምፃቸውን ትይዛላችሁ፤ ያን ጊዜ መቆም አይቀርም። መጥቀስ ከፈለጋችሁ «ደጃቸውን የረገጠ ሁሉ ሳይመረቅ አይወጣም ነበር» ብላችሁ ተርኩት።

ሦስተኛው የልጆቻቸው ስም ዝርዝር ነው። እዚህ የሚያለቅሰው ሕዝቡ ነው፤ እያንዳንዱ ስም ሲጠራ ባለስሙ ይጮኻል፤ ዙሪያው ይከተላል። በተለይ ከእናታቸው የቀደመ ልጅ ካለ ስሙ ሲነሣ ጩኸቱ ይበረታል። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ከዕረፍታቸው ዜና ጋር አታጣብቁት፤ በመካከላቸው ረጅም ማረፊያ ይኑር።

አራተኛው «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» የሚለው ነው። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ከእሱ በኋላ ግን አጭር ጸሎት ብቻ እንዲቀር አድርጉ። መጨረሻው «ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» የመሰለ የታወቀ ጸሎት ከሆነ ሕዝቡ «አሜን» ብሎ ይቀበላችኋል፤ ድምፃችሁ ቢሰበር እንኳ አሜኑ ይሸፍነዋል። «ደህና ሁኚ እማማ» ብሎ ወደ አስከሬኑ ዞሮ መጨረስ የሚያምር ይመስላል፤ ለሚፈራ አንባቢ ግን አንመክርም። ያን ቃል ከንባቡ በኋላ ብቻችሁን ቀርባችሁ ንገሯቸው።

3. ጊዜውን አስሉ

ጽሑፉን ከፍ ባለ ድምፅ፣ በዝግታ፣ አንድ ደቂቃ አንብቡና የት እንደደረሳችሁ ምልክት አድርጋችሁ ቃላቱን ቁጠሩ። ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሌላውን ቁጥር አትዋሱ።

ለምሳሌ በደቂቃ 80 ቃል አነበባችሁ እንበል፤ የተሰጣችሁ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ነው። ስድስቱን በ80 አባዝቶ 480 ቃል መጻፍ የተለመደው ስሕተት ነው፤ ለአንድም እንባ ቦታ አይተውም። ይልቅ ለቃላቱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ መድቡ፤ ይህም 280 ቃል ነው። ለታቀዱ ማረፊያዎች አንድ ደቂቃ ከሩብ ያህል ይሂድ። የቀረው አንድ ደቂቃ ከሩብ ያልታሰበው እንባ ድርሻ ነው። ካልተለቀሰ ቀድማችሁ ትጨርሳላችሁ፤ በዚህ ቅር የሚለው ሰው የለም። ከተለቀሰ ደግሞ ካህናቱ ሰዓት ሳያዩ፣ እናንተም ሳትቸኩሉ ትጨርሳላችሁ። መቸኮል ትንፋሽን ያሳጥራል፤ ያጠረ ትንፋሽ ደግሞ ለቅሶን ይጠራል።

4. ማረፊያዎቹን በቀይ ምልክት አድርጉ

ሊቃውንቱ ከዜማው ፊደል በላይ ምልክት እንደሚያኖሩ ሁሉ እናንተም ለድምፃችሁ ምልክት አኑሩ። ሦስት ይበቃሉ።

- አንድ ዘንግ ( / )፦ አንድ ትንፋሽ አስገቡ
- ሁለት ዘንግ ( // )፦ ቀና ብላችሁ ሁለት ጊዜ ተንፍሱ
- ክብ ( ○ )፦ ረጅም ማረፊያ፤ ማይኩን ዝቅ፣ አንድ ጉንጭ ውኃ፣ ዐሥር እስኪቆጠር ዝም

አንድ ዘንጉ በየሦስትና አራት ቃሉ ይግባ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ረጅም አረፍተ ነገር ትንፋሽ ሲያልቅ ልክ «ተለዩ» ወይም «አረፉ» ላይ ያደርሳል፤ ድምፅ የሚሰበረውም እዚያ ነው። ከማሰሪያው ግሥ ሁለት ሦስት ቃል በፊት ትንፋሽ ከገባ ግሡ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ክቡ ደግሞ የሚገባው ከከባዱ አረፍተ ነገር *በፊት* ነው። ብዙ ሰው በኋላ ያደርገዋል። በኋላ ያለው ማረፊያ የተሰበረውን ይጠግናል፤ በፊት ያለው ግን እንዳይሰበር ያዘጋጃል። ለስድስት ደቂቃ ጽሑፍ ሦስት ወይም አራት ክብ ይበቃል።

በ1933 ዓ.ም. ተወልደው በ2017 ዓ.ም. ያረፉ የአንዲት አያት ጽሑፍ ምልክቱ ሲገባበት ይህን ይመስላል።

> ወይዘሮ እገሊት / ከአባታቸው ከአቶ እገሌ / ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት / በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት / በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። //
>
> ለአካለ መጠን ሲደርሱም / ከአቶ እገሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል / ትዳር መሥርተው ኖረዋል። // [በጉልት ገበያ እህል እየነገዱ / ልጆቻቸውን ሁሉ አስተምረዋል። //] [[የልጅ ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስበው / ቆሎ ቆልተው ያበሉን ነበር፤ / እኛም እማማ ብለን / ከጉልበታቸው ሥር እንቀመጥ ነበር። //]]
>
> ○ ወይዘሮ እገሊት የአምስት ልጆች እናት / የአሥራ አንድ የልጅ ልጆችም / አያት ነበሩ። //
>
> ○ ባደረባቸው ሕመም / በሕክምና ሲረዱ ቆይተው / በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው / ከዚህ ዓለም / በሞት ተለይተዋል። //
>
> ○ እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን / በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ / ያኑርልን።

ዘመኑና ዕድሜው በአኃዝ ሳይሆን በቃል እንደተጻፈ ልብ በሉ። ዓይን እንባ ሲሞላ ቀድሞ የሚምታታው አኃዝ ነው፤ 1933 እና 1938 ይቀላቀላሉ፤ ከሕዝቡ መካከል «አይደለም!» የሚል ሽማግሌም አይጠፋም። የቦታና የአባት ስሞችን ደግሞ ከመታተሙ በፊት ለታላቅ አክስት ወይም አጎት አንብባችሁ አሳርሙ። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ ስሙ ይነበብ አይነበብ የሚለውም የሚቆረጠው በዚያች ሌሊት፣ በታላላቆች ፊት ነው፤ ማይክ ይዞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

5. አቋራጩን ወስኑ

ከላይ በቅንፍ የታጠረውን አያችሁ። ነጠላ ቅንፍ ማለት «ጊዜ ካጠረኝ እዘለዋለሁ» ነው፤ ድርብ ቅንፍ ማለት «ድምፄ ከተሰበረ መጀመሪያ የምዘለው ይህን ነው» ማለት ነው። የቆሎውና የ«እማማ» አረፍተ ነገር በድርብ ቅንፍ የገባው በጣም የሚያስለቅሰው እሱ ስለሆነ ነው።

አቋራጩ እንዲሠራ አንድ ሁኔታ ያስፈልጋል፦ ቅንፉ ውስጥ ያለው ሲወጣ የቀረው ጽሑፍ ሳይንገዳገድ መያያዝ አለበት። ከቅንፉ ቀጥሎ ያለው አረፍተ ነገር «ይህንንም» ወይም «እሱም» ብሎ ከጀመረ ይንጠለጠላል። ቅንፎቹን ሁሉ እየዘለላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡ፤ የሚሰማው ራሱን የቻለ አጭር የሕይወት ታሪክ ከሆነ ተዘጋጅታችኋል። የወላጆች ስም፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር፣ የዕረፍቱ ዜናና ጸሎቱ በምንም ዓይነት ቅንፍ ውስጥ አይገቡም። ሰው መጥቶ የሚጠብቀው እነሱን ነው።

6. ወረቀቱን አሰናዱ

ፊደሉ 18 ነጥብ ይሁን፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እጥፍ ይሁን። በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ አትሙ፤ ጀርባው ባዶ ይሁን። የገጹን የታችኛውን ሲሶ ባዶ ተዉት፤ ዓይናችሁ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሲወርድ አገጫችሁ ደረት ላይ ይወድቃል፤ ጉሮሮ ይታጠፋል፤ ድምፁ ይታፈናል። አረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። የገጽ ቁጥር በትልቁ ይጻፍ፤ ወረቀት መሬት ላይ መበተኑ የተለመደ ነው።

ሌሊት ማተሚያ ካልተገኘ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ መስመር እየዘለላችሁ በእጅ ጻፉት። በስልክ ማንበብን ግን ፈጽሞ አንመክርም። ቅጥር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስክሪኑን ታጠፋዋለች፤ «አጽናኝ» ስልክ በመሐል ይደወላል፤ በእንባ የረጠበ ጣት ደግሞ ገጹን ያስፈነጥረዋል።

7. ተተኪ አንባቢ መድቡ

ተተኪው ከአያታችሁ ጋር ትንሽ የራቀ ቅርበት ያለው ሰው ይሁን፤ የአጎት ልጅ፣ የእህት ባል፣ የቤተሰብ ወዳጅ። ምልክቶቹን የያዘ ተመሳሳይ ቅጂ ይዞ በግራችሁ፣ ግማሽ ርምጃ ወደኋላ ይቁም። ውኃውንም እሱ ይያዝ፤ የእናንተ አንድ እጅ ማይክ፣ ሌላው ወረቀት ይይዛልና።

ሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ዝም ስትሉ በልቡ እስከ ሃያ ሳይቆጥር ለመተካት አይጠጋም፤ ክቡ ላይ ስትሆኑ ሮጦ ማይኩን እንዳይቀማ። ሁለተኛ፣ ማይኩን ወደ እሱ ከዘረጋችሁ ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ሲቀጥል ከቆማችሁበት ቃል ሳይሆን ከአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያነባል። ማቀፍ፣ ትከሻ መታ መታ ማድረግ፣ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ማለት የለም። በለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሲታቀፍ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። አክስቶችንም ማታውኑ «እስክጨርስ አትቅረቡኝ» ብላችሁ ለምኗቸው፤ ካልተነገራቸው መምጣታቸው አይቀርም።

8. ልምምድ

ለቅሶ ቤት ውስጥ ለልምምድ ቦታ አይገኝም፤ ጎረቤት ቤት ወይም መኪና ውስጥ ሂዱ። ሦስት ዙር ይበቃል።

በመጀመሪያው ዙር ብቻችሁን ሆናችሁ ከፍ ባለ ድምፅ አንብቡ፤ እንባ ከመጣ አልቅሱ፤ ግን እስከ መጨረሻው ድረሱ። ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ ሁልጊዜ ከባዱ ነው። ያ የመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት እንዳይሆን ነው ይህን የምታደርጉት። የተሰበራችሁበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ክበቡ፤ እናንተ የገመታችሁት ሌላ፣ እውነተኛው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ዙር ቆማችሁ፣ ክቦቹን በትክክል እየጠበቃችሁ፣ በስልክ እየቀዳችሁ ይሁን። ስትሰሙት ዐሥር መቁጠሩ አጭር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አንባቢውን እንጂ ሰሚውን አይረዝምበትም።

በሦስተኛው ዙር ተተኪው ይኑር። ሆን ብላችሁ መሐል ላይ አቁሙና ማገገምን ተለማመዱ፤ አንድ ጊዜ ድርብ ቅንፉን ዝለሉ፤ አንድ ጊዜ ማይኩን አስረክቡ። ከዚህ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጡትና ተኙ። ሌሊቱን ሙሉ መደጋገም ድምፅን ያሻክራል።

9. የቀብሩ ዕለት

አንድ ነገር ቅመሱ፤ ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት ተደምረው ጉልበት ያንቀጠቅጣሉ። ፍትሐቱ ላይ ማልቀስ ከፈለጋችሁ አልቅሱ። እንባ ወደ አፍንጫም ስለሚወርድ ከመነሣታችሁ በፊት አፍንጫችሁን በደንብ አጽዱ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ መተንፈሻ ያጥራችኋል። ነጠላ የለበሳችሁ ጫፉን አጥብቃችሁ ጣሉት፤ ነፋስ ወረቀቱ ላይ ያወርደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ያረጋጋሃል፣ ያረጋጋሻል» ተብሎ የሌላ ሰው መድኃኒት ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። እንቅልፍ ያመጣል፤ ምላስን ያስራል፤ በሰውነታችሁ ላይ ምን እንደሚያደርግም አታውቁም። መጠጥም እንዲሁ፤ ለቅሶን ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። ማዞር ወይም የደረት ሕመም ከተሰማችሁ ማይኩን አስረክቡና ተቀመጡ።

10. ማንበብ

አስከሬኑንና ፎቶግራፉን የያዘውን ሰው ወደ ጎን በሚያደርግ ቦታ ቁሙ። እግሮቻችሁን በትንሹ ከፍታችሁ ጉልበታችሁን አላልታችሁ ቁሙ። ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁና በትንሹ ወደ አገጭ ዝቅ አድርጉት፤ ትንፋሽ በቀጥታ ከገባበት ይነፋል፤ ሲቃውም ይጎላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ረጅም ትንፋሽ *አስወጡ*። ማስገባቱ በራሱ ይመጣል። የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ከተለመደው ድምፃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ለቅሶ ድምፅን ወደ ላይ ስለሚጎትት ከታች የጀመረ ሰው የሚወጣበት ቦታ አለው። ቀና ስትሉ የአያታችሁን ሴት ልጆች አትዩ። ከሕዝቡ ራስ በላይ ያለ ዛፍ ወይም የግንቡ ጫፍ፣ አለዚያም በሩቅ የቆመ የእድር ጸሐፊ ፊት ይሻላል።

ሕዝቡ ሲጮኽ አብራችሁ አትጩኹ። ድምፅ ማጉያ ይዞ ከለቅሶ ጋር መፎካከር ጉሮሮን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ወረቀቱን እያያችሁ ጠብቁ፤ ሽማግሌዎች ራሳቸው «ጸጥ በሉ» ይላሉ። ይህ ጊዜ ከመጠባበቂያው ሒሳብ ነው የሚወጣው፤ አስቀድማችሁ ተውታችሁለታል።

11. እንባው ሲመጣ

1. አፋችሁን ዝጉ፤ ማይኩን ወደ ደረት አውርዱ። ሲቃው እንዳይተላለፍ ነው።
2. በአፍንጫ ወይም በከንፈር መሐል ቀስ ብላችሁ እስከ አምስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። ለቅሶ ትንፋሽን ወደ ውስጥ እየነጠቀ ይከማቻልና፤ መጀመሪያ የተከማቸው ይውጣ።
3. አንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡ። ጉሮሮ ላይ እንደ እብጠት የሚሰማው የጡንቻ መወጠር ነው፤ መዋጥ ያላላዋል።
4. ዓይናችሁን ጥረጉ፤ የአረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ቃል በጣታችሁ ንኩ።
5. ከዚያ ቃል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀጥሉ። «ይቅርታ» አትበሉ፤ ይቅርታ መጠየቅ ራሱ እንደገና ያስለቅሳል፤ የሚጠይቃችሁም የለም።

በዚያው አንቀጽ ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ቅንፉን ዝለሉ። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ማይኩን ዘርጉ፤ እዚያው ጎኑ ቁሙና የመጨረሻውን ጸሎት እናንተ አንብቡት። ብዙ ጊዜ እሷን ማንበብ ይቻላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ትንፋሽን ይዞ ለቅሶን ለመግታት መሞከር ዋነኛው ነው። የሚታወቀው ትከሻ ወደ ጆሮ ሲወጣና ቃላት ሲፈጥኑ ነው፤ ሲፈነዳ ከቁጥጥር ውጭ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ክቡ ላይ ደርሶ «ደህና ነኝ» ብሎ ማለፍ ነው። ደህና የሆናችሁት ክቡ ስላለ ነውና በየክቡ ቁሙ። ሌላው፣ ቤተሰቡ ጠዋት ላይ «ይህችንም ጨምር» ብሎ የሚያመጣው አንቀጽ ነው። ያልተለማመዳችሁትን አንቀጽ አታስገቡ፤ ለአርባው ይቆይ በሏቸው።

በአዳራሽ ወይም በውጭ አገር ከሆነ

በአዳራሽ ሰዉ ተቀምጦ ዝም ብሎ ስለሚሰማ የሕዝቡ ለቅሶ የሚሰጣችሁ ማረፊያ የለም፤ አንድ ክብ ጨምሩና ከቃላቱ ሠላሳ ያህል ቀንሱ። በውጭ አገር አዳራሹ ለተወሰነ ሰዓት የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ነጠላ ቅንፎቹን ከመጀመሪያው አብዙ። ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ የሚነበብ ከሆነ ሁለተኛውን ቋንቋ ሌላ የልጅ ልጅ ያንብብ፤ የዕረፍቱን ዜና ሁለት ጊዜ መናገር ለአንድ ሰው ይከብዳል።

ካነበባችሁ በኋላ

ወረቀቱን ለተተኪው ስጡና ወደ ቤተሰቡ ግቡ፤ አሁን መታቀፍ ይቻላል። ተተኪው ንጹሑን ቅጂ ያስቀምጥ፤ ለአርባውና ለሙት ዓመቱ የሚታተመው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይወጣል። ያን ጊዜ ቅንፎቹ ይነሣሉ፣ የተዘለለው ይመለሳል፣ ዘመኑ በአኃዝ ይጻፋል፤ «ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል» የሚል መስመር ካለም ወደ «ተፈጽሟል» ይታረማል።